የቂጥኝ ምርመራ "ሪአክቲቭ" ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ለምንስ ሁለተኛ ዓይነት ምርመራ ያስፈልጋል?



በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህን ይመስላል፦ "ዶክተር፣ ለነፍሰ ጡር ክትትል ሄጄ ቂጥኝ ሪአክቲቭ ነሽ ተባልኩ። ባለቤቴ ግን ተመርምሮ አንዱ ወረቀት አለብህ፣ ሌላው የለብህም አለው። የቱን እንመን? ማንስ ነው ያመጣው?"

ጥያቄው አጭር ቢሆንም ትዳር የፈታ፣ የተፀነሰ ልጅን አደጋ ላይ የጣለ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው "ሪአክቲቭ" የሚለውን ቃል ሲያይ ወይ ደንግጦ ሁሉንም ነገር ያምናል፣ ወይ "ላብራቶሪው ተሳስቷል" ብሎ ወረቀቱን ይቀዳል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። የቂጥኝ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄም ይለያያል። መልሳቸው የሚነበበው ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው።

ዛሬ ይህን በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው። ሰዎቹ ለማስረዳት ብዬ ያሰብኳቸው ናቸው፤ የማንም የሕክምና ታሪክ አይደለም። ውጤቶቹ ግን በየጤና ጣቢያው የሚገጥሙን ዓይነት ናቸው።

📌 ምሳሌያችን

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት እንበል። እሱ ሐይቁ ዳር ዓሳ ከሚያወጡት ተቀብሎ ለምግብ ቤቶች ያስረክባል። እሷ 24 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ 16ኛ ሳምንቷ ላይ ናት። አብረው ከሆኑ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ምንም ሕመም የላትም፤ ቁስል የለ፣ ሽፍታ የለ፣ ትኩሳት የለ።

ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከጣቷ ደም ተወሰደ። የተጠቀሙት ኤችአይቪንና ቂጥኝን በአንድ ላይ የሚያሳየውን ፈጣን መመርመሪያ ነው። ሩብ ሰዓት አካባቢ ከተጠበቀ በኋላ ኤችአይቪ ነፃ፣ ቂጥኝ ሪአክቲቭ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። አሞራ ገደል ሲነሳ ጥሬ ዓሳ በዳጣ አብሮ ይነሳልና "ዓሳው ይሆን ያሳየው?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይደለም። ቂጥኝ ከምግብ አይመጣም፤ የበላችሁት ነገርም የምርመራውን ውጤት አይቀይረውም።

📌 ንቅሳትና ጭስ፦ ሁለቱ ምርመራዎች

ቂጥኝን የሚያመጣው ትሬፖኔማ ፓሊደም የሚባል እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ባክቴሪያ ነው። በተለመደው መንገድ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ስለማይቻል በአብዛኛው የምንፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ለእሱ የሰጠውን ምላሽ፣ ማለትም አንቲቦዲውን ነው። ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ ስላለ ምርመራውም ሁለት ዓይነት ሆነ።

አንደኛው ዓይነት ራሱን ባክቴሪያውን ለይቶ የሚያውቀውን አንቲቦዲ ይፈልጋል። ፈጣኑ ስትሪፕ፣ ቲፒኤችኤ እና ቲፒፒኤ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ አንቲቦዲ እንደ ንቅሳት ነው። አንዴ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይጠፋም፤ በሽታው በመርፌ ታክሞ ቢድንም እንኳ። በጣም ቀደም ብለው የታከሙ ጥቂት ሰዎች ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ግን ይቆያል። ስለዚህ ስትሪፑ የሚመልሰው ጥያቄ "ይህ ሰው ከዚህ ባክቴሪያ ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ወይ?" የሚለውን ነው። "አሁን በሽታው አለ ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁት አይመልስም።

ሁለተኛው ዓይነት ቪዲአርኤል እና አርፒአር የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያውን በቀጥታ አያውቁትም። የሚፈልጉት ካርዲዮሊፒን ለሚባል የስብ ዓይነት የሚሠራ አንቲቦዲ ነው። ታሪኩ ይገርማል፤ ጀርመናዊው ዋሰርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1906 የመጀመሪያውን የቂጥኝ የደም ምርመራ ሲያወጡ ባክቴሪያውን የያዘ የአካል ክፍል ተጠቅመው ነበር። በኋላ ግን ከጤነኛ የበሬ ልብ የወጣ ቅባትም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ ተደረሰበት። ባክቴሪያው ሰውነትን ሲጎዳ እንዲህ ያለ ስብ ይጋለጣል፤ ሰውነትም አንቲቦዲ ይሠራበታል።

ይህኛው እንደ ጭስ ነው። እሳቱ ሲነድ ይበዛል፣ እሳቱ ሲጠፋ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የሚለካም ነው። ድክመቱም ያው የጭስ ድክመት ነው፦ ጭሱ ከጎረቤት ቤት ሊመጣ ይችላል። ወባ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ሉፐስ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሕመም፣ እርጅና፣ አንዳንዴ እርግዝና ራሱ ቂጥኝ ሳይኖር ይህን ምርመራ ሪአክቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ።

እንግዲህ ንቅሳቱ የማንነት ምስክር ነው፣ ጊዜውን ግን አይናገርም። ጭሱ ጊዜውን ይናገራል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለም። ሁለቱን ያጣመርነው የአንዱን ጉድለት ሌላው እንዲሞላ ነው።

ድሮ ቅደም ተከተሉ ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር ይቀድምና ሪአክቲቭ ከሆነ በቲፒኤችኤ ይረጋገጥ ነበር። ፈጣን ስትሪፕ ከመጣ ወዲህ ግን በብዙ ቦታ ተገልብጧል፦ ስትሪፑ ይቀድማል፣ አርፒአር ይከተላል። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ ዋናው ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው የተለየ ዓይነት መሆኑ ነው። ስትሪፕ ሪአክቲቭ ሆኖ ሌላ ክሊኒክ ሄዳችሁ ሌላ ስትሪፕ ብታሠሩ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጠየቃችሁ እንጂ አዲስ ነገር አላወቃችሁም።

📌 የእሷ ውጤት

ወደ ባለታሪኳ እንመለስ። ስትሪፑ ሪአክቲቭ ነው። ነፍሰ ጡር ባትሆን ኖሮ ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ይቻል ይሆናል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ያልታከመ ቂጥኝ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜ መወለድ ወይም ከበሽታው ጋር መወለድ ሊያስከትል ይችላል። በሌላ በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ ምናልባት ሳያስፈልግ የተወሰደ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ለነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያው ሪአክቲቭ ውጤት ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል፤ ማረጋገጫው ከኋላ ይከተላል።

የፔኒሲሊን አለርጂ እንደሌለባት ተጠየቀች። ከዚያ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ለአርፒአር የሚሆን ደም ከክንዷ ተቀዳ። ይህች ትንሽ ነገር በጣም ትጠቅማለች። ሕክምናው በተጀመረበት ቀን የነበረው ጭስ ምን ያህል እንደነበረ ካልታወቀ፣ ከወራት በኋላ ቀነሰ አልቀነሰ ብለን የምናነጻጽርበት ነገር አይኖረንም።

አርፒአር እንዴት ይሠራል? ከደሙ የተለየው ሴረም ነጭ ካርድ ላይ ይደረግና ጥቃቅን የከሰል ብናኝ ካለበት ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል። ካርዱ መሽከርከሪያ ላይ ለ8 ደቂቃ ይዞራል። አንቲቦዲው ካለ ከሰሉ ይቋጠርና ጥቁር ነጠብጣብ በዓይን ይታያል፤ ከሌለ እንዳለ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ከተቋጠረ ሴረሙ በእጥፍ በእጥፍ ይቀጥናል፦ 1:2፣ 1:4፣ 1:8፣ 1:16 እየተባለ። መቋጠሩ የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት ነው ወረቀታችሁ ላይ የሚጻፈው። ሐኪሞች "ታይተር" የምንለው እሱን ነው።

የእሷ 1:16 ሆነ። ንቅሳቱም አለ፣ ጭሱም አለ፣ ከዚህ በፊት ታክማ አታውቅም። ይህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መታከም ያለበት ቂጥኝ። ምልክት ስለሌላት ድብቅ ደረጃ ላይ ነው፤ መቼ እንደያዛት ስለማይታወቅ ደግሞ እንደ ቆየ ተቆጥሮ ይታከማል። ይህ ማለት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ሳምንት፣ መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። በቅርብ ጊዜ የተያዘ መሆኑ ቢታወቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃ ነበር።

መርፌው ያማል፤ መዋሸት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊከተል ይችላል፤ ባክቴሪያው ሲሞት የሚመጣ እንጂ አለርጂ አይደለም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይተዋል። ነፍሰ ጡር ግን አብሮ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ወይም የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ ካየች ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መርፌ መዝለል አይቻልም፤ ነፍሰ ጡር ላይ ቀጠሮው ከተዛባ ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። ደግሞ በእርግዝና ወቅት ፅንሱን እንደሚያክም የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ስለሆነ "በኪኒን ይቀየርልኝ" ማለት ልጁን አይጠቅምም።

📌 የእሱ ውጤት

ባልየው ተጠራ። ስትሪፑ ሪአክቲቭ ሆነ። አርፒአሩ ግን ነን ሪአክቲቭ። "እንግዲህ አንዱ አለ፣ አንዱ የለም አለ" ብሎ የሚናደደው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ግን አልተጣሉም። ንቅሳት አለ፣ ጭስ የለም ማለት ነው።

ይህ ዓይነት ውጤት አራት መነሻ ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት ታክሞ የዳነ ቂጥኝ። ሁለተኛ፣ ሳይታከም ብዙ ዓመት የቆየና ጭሱ በራሱ ጊዜ እየሳሳ የጠፋ። ሦስተኛ፣ ገና ትኩስ የሆነ ኢንፌክሽን፤ ስትሪፑ ቀድሞ ደርሶበት አርፒአሩ ገና ያልደረሰበት። አራተኛ፣ ስትሪፑ ራሱ ተሳስቶ ያሳየው።

አራቱን የሚለየው መጀመሪያ ሌላ ማሽን ሳይሆን ወሬ ነው፤ በእርጋታ የሚደረግ ጥያቄና መልስ። ሰውየው ብቻውን ሲጠየቅ ከሦስት ዓመት በፊት ብልቱ ላይ የማያም ቁስል ወጥቶበት አንድ ቦታ መርፌ እንደተወጋ፣ ቁስሉም እንደጠፋ ተናገረ። መርፌው ምን እንደነበር አያውቅም፤ ካርድም የለውም። ለሚስቱም አልነገራትም፤ "አልፏል ብዬ ነው" አለ።

ለማረጋገጥ ከስትሪፑ በአሠራር የሚለይ ሌላ የባክቴሪያ ምርመራ ማለትም ቲፒኤችኤ ተሠራ፤ እሱም ሪአክቲቭ ሆነ። ስለዚህ አራተኛው ወጣ። አዲስ ቁስል የለውም፣ በቅርብ ጊዜም አዲስ ግንኙነት የለኝም ይላል፤ ሦስተኛው ራቀ። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፦ ታክሞ ድኗል ወይም በከፊል ታክሞ ቆይቷል። የተወጋው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ተጨማሪ መርፌ ባላስፈለገው ነበር። ማስረጃ ስለሌለ ግን እንዳልታከመ ተቆጥሮ እሱም ሦስቱን መርፌ ይወስዳል። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፦ የቂጥኝ ሕክምና ስትወስዱ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ቀኑንና የአርፒአር ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ንቅሳቱ ስለማይጠፋ ወደፊት በየምርመራው፣ ደም ለመስጠት ስትሄዱም ጭምር፣ ሪአክቲቭ ማለቱ አይቀርም። ያ ወረቀት ያኔ ያድናችኋል።

📌 "ታዲያ ማን ነው ያመጣው?"

ከዚህ ምርመራ ይህን መልስ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። የምሳሌያችንን ታሪክ ስናገጣጥም እሱ ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ፣ ለእሷም ተላልፎ፣ እሱ ብቻ ታክሞ፣ እሷ ጋ ግን ድምፁን አጥፍቶ የቆየ ይመስላል። በሴት ላይ ቁስሉ ማህፀን አንገት ወይም ውስጥ ሊወጣ ስለሚችልና ስለማያም ሳይታይ ያልፋል።

ግን ልብ በሉ፦ ይህን የነገረን ታሪኩ ነው፤ ደሙ አይደለም። 1:16 የሚለው ቁጥር የተያዘችበትን ወር አይናገርም። የእሷ ቁጥር ከእሱ መብለጡ "እሷ ናት ያመጣችው" ማለት አይደለም። ስትሪፑም ከአራት ዓመት በፊትና ከአራት ወር በፊት የተያዘን ሰው አይለይም። ሰውየው ያን ታሪክ ባይናገር ኖሮ ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው "እሱ ነፃ፣ እሷ በሽተኛ" ብሎ በደፈናው ይፈርድባት ነበር። በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ የሚደረግ ሽምግልናም ሆነ ፍቺ ወረቀቱ በማያውቀው ነገር ላይ የቆመ ነው።

ወረቀቱ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ሁለቱም መታከም አለባቸው፤ ሕክምናው እስኪያልቅም ግንኙነት ማቆም አለባቸው። አንዱ ብቻ ሲታከም ምን እንደሚሆን ከምሳሌያችን አይታችኋል።

📌 ተቃራኒውስ? ጭስ ኖሮ ንቅሳት ከሌለ

ለሥራ የጤና ምርመራ የሄደ የሠፈሩ ልጅ እንጨምር። አርፒአር 1:2 ሪአክቲቭ ወጣለት። ስትሪፕና ቲፒኤችኤ ግን ሁለቱም ነን ሪአክቲቭ። ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ታሞ ነበር። ይህ የጎረቤት ጭስ ነው፤ ቂጥኝ ሳይኖር አርፒአር ብቻ የወጣበት። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ከወራት በኋላ ሲደገምም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አርፒአር ብቻ ተሠርቶ በዚያው "ቂጥኝ አለብህ" ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ያልነበረበትን በሽታ ስም ተሸክሞ ይኖር ነበር።

በተቃራኒው ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ሐሰት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። 1:2 ሆኖ ቲፒኤችኤ ሪአክቲቭ ከሆነ እውነተኛ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ከሁለቱ ጥምረት እንጂ ከቁጥሩ ትንሽነት አይመጣም።

📌 ምርመራው "የለም" ብሎ በሽታው ሊኖር ይችላል?

አዎ፣ በተለይ ሁለት ቦታ ላይ።

የመጀመሪያው በጣም ቀደም ብሎ ሲሆን ነው። ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ቁስሉ የሚወጣው በአማካይ በ3 ሳምንት አካባቢ ነው፤ ከ10 እስከ 90 ቀን ሊዘረጋ ይችላል። አንቲቦዲው ደግሞ ቁስሉ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የማያም፣ ጠርዙ ጠንከር ያለ ቁስል ይዞ የመጣ ሰው ምርመራው ነን ሪአክቲቭ ቢሆንም አይሰናበትም፤ ሐኪሙ ባየው ያክመዋል፣ ደሙም ከሳምንታት በኋላ ይደገማል።

ሁለተኛው የሚገርም ነው። አንቲቦዲው ከመጠን በላይ ሲበዛ አርፒአር ነን ሪአክቲቭ ሊል ይችላል። ከሰሉ እንዲቋጠር አንቲቦዲውና ስቡ መመጣጠን አለባቸው፤ አንቲቦዲው ሲያጥለቀልቀው መረቡ አይሠራም። እጅና እግሩ መዳፍ ላይ ሽፍታ ያለበት፣ ስትሪፑም ሪአክቲቭ የሆነ ሰው አርፒአሩ "የለም" ካለ ላብራቶሪውን "ሴረሙን አቅጥናችሁ ድገሙልኝ" ማለት ያስፈልጋል። ሲቀጥን 1:64፣ 1:128 ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል።

📌 ከሕክምና በኋላ፦ ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

ሕክምናው መሥራቱን የምንከታተለው በአርፒአር ብቻ ነው። ስትሪፑን መድገም ትርጉም የለውም፤ ንቅሳቱ እዚያው ነው።

ደንቡ "ሁለት ደረጃ" የሚል ነው። ከ1:16 ወደ 1:8 መውረድ አንድ ደረጃ ነው፤ አንድ ደረጃ በአሠራር ልዩነት ብቻ ሊመጣ ስለሚችል አያስደስትም፣ አያስደነግጥም። ከ1:16 ወደ 1:4 ከሆነ ግን ሁለት ደረጃ፣ ማለትም አራት እጥፍ ነው፤ እውነተኛ ለውጥ ይባላል። ወደ ላይም እንዲሁ ነው፦ 1:4 ላይ የነበረ ሰው 1:16 ከሆነ እንደገና ተይዟል ወይም ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው።

የኛ እናት ሕክምናዋን ከጨረሰች ከስምንት ሳምንት በኋላ ስትለካ 1:8 ሆነች። "አልቀነሰም!" ብላ ተጨነቀች። መጨነቅ አልነበረባትም፤ የቆየ ቂጥኝ ሲታከም ቁጥሩ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፣ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ከመውለዷ በፊት ሁለት ደረጃ ያልወረደላት እናት ሁሉ አልታከመችም ማለት አይደለም። ስትወልድ 1:4 ደረሰች። አንዳንድ ሰው ላይ ቁጥሩ 1:2 ወይም 1:4 ላይ ቆሞ ለዓመታት ይቀራል፤ ካልጨመረ በየወሩ መርፌ መወጋት አያስፈልግም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ክትትሉ በአንድ ዓይነት ምርመራ፣ ቢቻል በአንድ ላብራቶሪ ይሁን። የመጀመሪያው በአርፒአር ተሠርቶ ሁለተኛው በቪዲአርኤል ከሆነ ቁጥሮቹ እኩል ስላልሆኑ የወጣ ወይም የወረደ ሊመስላችሁ ይችላል።

📌 ሕፃኑስ?

የእናት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል። ስለዚህ ልጁ ሳይያዝም ስትሪፑ ሪአክቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ከእናቱ የተዋሰው ንቅሳት ነው። ሕፃኑ ላይ የሚጠቅመን አርፒአሩ ነው፤ ከእትብቱ ሳይሆን ከራሱ ከሕፃኑ ደም ተወስዶ ከእናቱ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። እናት 1:4 ሆና ልጁ 1:2 ከሆነ የእሷ እንደሆነ ይገመታል። ልጁ 1:16 ቢሆን ግን ከእናቱ በአራት እጥፍ ስለበለጠ ራሱ ታሟል ብለን እንነሳለን።

ምሳሌያችን ውስጥ ልጁ 1:2 ነው፤ ምርመራ ሲደረግለትም ጤነኛ ነው። እናቱ ሕክምናዋን የጨረሰችው በ18ኛው ሳምንት፣ ከመውለዷ ከ30 ቀን እጅግ ቀድማ ነው፤ ይህ ነጥብ ሐኪሙ ሕፃኑን ለማከም ወይም በክትትል ለማቆየት ሲወስን ትልቅ ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ አርፒአሩ ይደጋገማል። የተዋሰው ከሆነ በስድስት ወሩ ገደማ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም ከጨመረ ሌላ ታሪክ ነው።

📌 ወረቀታችሁን ስትቀበሉ ምን ትጠይቁ?

አገራችን ውስጥ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ "ቪዲአርኤል" የሚለው ስም ቀድሞ ታትሞ ሊገኝ ይችላል፤ የተሠራው ግን ስትሪፕ ሊሆን ይችላል። የታተመውን ስም ብቻ አይታችሁ ጭሱ ተለካ ብላችሁ አታስቡ። ሦስት ጥያቄ ይበቃችኋል፦

1. የተሠራው በስትሪፕ ነው ወይስ በካርድ?
2. ሪአክቲቭ ከሆነ ቁጥሩ (ታይተሩ) ስንት ነው? ቁጥር ከሌለ ብዙ ጊዜ ስትሪፕ ነው፤ ወይም ሳይቀጥን ቀርቷል።
3. ከመጀመሪያው የተለየው ዓይነት ምርመራ ተሠርቷል? ካልተሠራ የት ይሠራል?

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን እነዚህን የምትጠይቁት የመጀመሪያውን መርፌ እየተወጋችሁ ነው። መልሱን ጠብቃችሁ ቤት አትቆዩ።

ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ። የራሳችሁን የውጤት ወረቀት ግን እዚያ አትለጥፉ፤ ስማችሁ ይታያል። በውስጥ መስመር ስትልኩም ስሙን ሸፍናችሁ፣ ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ አድርጋችሁ ላኩ። አንዱን ብቻ አይቼ የምነግራችሁ ነገር ግማሽ ነው።